ልጃችሁ አልተሳሳተችም፤ ዜማው ነው የተመለሰው



ባለፈው ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ወንበር እየደረደርን ሳለ አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ተማሪያችን አዳራሹ ጥግ ያለው ፒያኖ ላይ ተቀመጠችና የምትለማመደውን መጫወት ጀመረች። አባቷ ሊወስዳት መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጣል። አንድ ደቂቃ ያህል እንደተጫወተች ቆም አለችና ያንኑ ነገር ከመጀመሪያው ደገመችው። አባት በቀስታ ጠጋ ብሎ፣ «የኔ ልጅ፣ ይሄን እኮ አሁን ተጫወትሽው፤ ጠፋብሽ እንዴ?» አላት። ልጅቷ እጇን አነሳች። «አባዬ፣ ሪፒት ነው!» አለችና ክዳኑን ዘጋችው። ወደ መኪናው ሲሄዱ ሁለቱም ዝም ብለው ነበር።

አባትየው በማግስቱ ደወለልኝ። «እህቴ፣ በሚቀጥለው ወር በሰው ፊት ልትጫወተው ነው። እዚያ ተቀምጬ ምን እንደምሰማ ካላወቅኩ ሌላም ነገር እናገራለሁ ብዬ ፈራሁ» አለኝ። እኔ የሙዚቃ ባለሙያ አይደለሁም። ፒያኖ ለጥቂት ዓመታት ተምሬአለሁ፣ አሁንም ቤት ውስጥ እነካካለሁ፤ ይህን ሙዚቃ ግን በደንብ አውቀዋለሁ። ለእርሱ በስልክ ያስረዳሁትን ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ፤ ፒያኖ የሚማሩ ልጆች ካሏችሁ ይህ ሙዚቃ አንድ ቀን ቤታችሁ መግባቱ አይቀርም።

ሙዚቃው የሞዛርት የፒያኖ ሶናታ ነው። ስልካችሁ ላይ Mozart K. 545 ብላችሁ ብትጽፉ ወዲያው ይመጣል። ሦስት ክፍሎች አሉት፤ እኛ የምናወራው ስለ መጀመሪያው ነው። ሞዛርት የጻፋቸውን ሥራዎች የሚመዘግብበት የራሱ ደብተር ነበረው፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 1788 ለጀማሪዎች የተጻፈ ትንሽ ሶናታ ብሎ አስገብቶታል። በሕይወት ሳለ አልታተመም። እርሱ በ1791 አርፎ ሶናታው የታተመው በ1805 ነው። «ለጀማሪዎች» መባሉ ግን አያታልላችሁ። ጣት ለጀማሪ ይሆናል፣ ጆሮን ግን በደንብ ያሠራል።

ይህ ክፍል የተሠራበት አካሄድ የሶናታ ቅርጽ ይባላል። ሦስት ምዕራፎች አሉት። በመጀመሪያው ምዕራፍ ዜማዎቹ ከአድማጩ ጋር ይተዋወቃሉ፤ ፈረንጆቹ ኤክስፖዚሽን ይሉታል። በሁለተኛው ከቤታቸው ወጥተው ይንከራተታሉ፤ ይህ ዴቨሎፕመንት ነው። በሦስተኛው ይመለሳሉ፤ ሪካፒቱሌሽን የሚባለው ይሄ ነው። ስሞቹ የወጡት ከሞዛርት በኋላ ነው፤ እርሱ ራሱ አያውቃቸውም። እናንተም ባትይዟቸው ምንም አይደለም፤ መተዋወቅ፣ መንከራተት፣ መመለስ ካላችሁ ይበቃል።

መንከራተት ያልነው ግን ከየት ወጥቶ ነው? ዋናው ነገር እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሠርግ ቤት አስቡ። አውጪዋ ዘፈኑን በጣም ከፍ አድርጋ ትጀምረዋለች፤ ተቀባዮቹ ድምፃቸው አልደርስ ይላል። «ኧረ ዝቅ አድርጊው!» ትባላለች፤ ያንኑ ዘፈን ከታች ጀምራ ትደግመዋለች። ግጥሙም ዜማውም ያው ነው፤ የተለወጠው መነሻው ብቻ ነው። ይህን መነሻ «ቤት» እንበለው። ዜማው ተንከራትቶ ሲያበቃ አርፎ የሚቀመጥበት ድምፅ ማለት ነው። የእኛ ሶናታ ቤቱ ልጆቹ ሲ የሚሉት ድምፅ ነው፤ በፒያኖው መካከል አካባቢ ካሉት ሁለት ጥቁር ቁልፎች በስተግራ ያለው ነጭ ቁልፍ። (ይህን ከቅኝት ጋር አታምታቱት። ከትዝታ ወደ ባቲ መሄድ የድምፆቹን አደራደር መለወጥ ነው፤ እዚህ የምንለው ግን አደራደሩ ሳይነካ ሁሉንም ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ማዛወር ነው።)

የሶናታ ቅርጽ ጨዋታው ሁሉ በዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ አንድ ዜማ በቤቱ ይቀርባል፤ ሁለተኛ ዜማ ደግሞ በሌላ ቤት። ያ ሁለተኛው ዜማ በእንግድነት መቅረቱ ጆሮን ቅር ያሰኘዋል፤ አንድ ነገር እንደቀረ ይሰማናል። በመጨረሻው ምዕራፍ ሁለተኛው ዜማ ወደ መጀመሪያው ቤት ገብቶ ነገሩ ያልቃል። ሰው ሁሉ «የመጀመሪያው ዜማ መመለስ» ላይ ጆሮውን ይተክላል። የእኔ አስተያየት ግን ዋናው የሚጠበቀው የሁለተኛው ዜማ መመለስ ነው የሚል ነው፤ ለምን እንደምል ትንሽ ቆይቶ ይገባችኋል።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንስማው። ቀኝ እጅ ሦስት ድምፆችን ከታች ወደ ላይ ይወጣል፤ የመጀመሪያው ረዘም ያለ ነው፤ እርሱም ሲ፣ ቤታችን። ግራ እጅ ከሥር እንደ ውኃ ይንቆረቆራል። ይህ የመጀመሪያው ዜማ ነው፤ አጭር ስለሆነ ዓይናችሁን ገልጣችሁ ሳትጨርሱ ያልፋል። ወዲያው ቀኝ እጅ ደረጃ መውጣትና መውረድ ይጀምራል፤ በፍጥነት፣ ደጋግሞ። ልጆች የሚጠሉት ቦታ ይሄ ነው፤ ጎረቤትም የሚያውቀው ይሄንኑ ነው። ይህ ዜማ አይደለም፤ ድልድይ ነው፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚያሻግር። ድልድዩ ሲያልቅ ሙዚቃው በር እንዳንኳኳ ሰው ቆም ይላል። ከዚያ ለአጭር ጊዜ አንድ እጅ ብቻውን ሲርገበገብ ትሰማላችሁ።

ይህችን ቆምታና ይህችን መርገብገብ በደንብ ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

ከእርሷ ቀጥሎ የሚመጣው ሁለተኛው ዜማ ነው። እንዴት ይታወቃል? የመጀመሪያው ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ ይሄኛው ከላይ ይወርዳል። ቀለል ያለና ተጫዋች ነው፤ ግራ እጅም ከሥር ከባዱን ትቶ ከፍ ብሎ ያጅበዋል። አሁን ያለነው ጂ በሚባለው ቤት ነው፤ ከሲ አምስተኛው ድምፅ ላይ። ከዚያ ሙዚቃው እየሮጠ ይሄዳል፤ ቀኝ እጅ አንድ ድምፅ ላይ ረጅም መንቀጥቀጥ ያደርጋል፣ እንደ እልልታ፤ አጭር መዝጊያ ይከተላል፤ ምዕራፉም ይዘጋል። በባለሙያ እጅ ይህ ሁሉ አንድ ደቂቃ አይሞላም።

እዚህ ላይ ነው አባትየው «ጠፋብሽ እንዴ?» ያለው። የልጃችሁን የኖታ ደብተር ብትከፍቱ በዚህ ቦታ ሁለት ቁም መስመሮችና አጠገባቸው ሁለት ነጥቦች ታያላችሁ፤ ነጥቦቹ ቁርጥ የእኛን የቃል መለያ (፡) ይመስላሉ። ትርጉማቸው «ወደ መጀመሪያው ተመለስና ድገም» ነው። ቴፕ በሌለበት ዘመን አድማጭ ዜማዎቹን እንዲያውቃቸው ሁለት ጊዜ ይቀርቡለት ነበር፤ ካልተዋወቃችሁት ሰው ደግሞ የመመለሱ ነገር ምንም አይመስላችሁም። አንዳንድ ተጫዋቾች ድግግሙን ይዘሉታል፤ ስለዚህ ከአንዱ ቅጂ ወደ ሌላው ርዝመቱ ቢለያይ አትደነቁ። በዚህ ሶናታ ሁለተኛውም ግማሽ የድገም ምልክት አለው፤ እርሱን ግን የሚዘሉት ይበዛሉ።

ድግግሙ ካለቀ በኋላ ሁለተኛው ምዕራፍ ይገባል። ምልክቱ ግልጽ ነው። ምዕራፉን የዘጋችውን ያችን አጭር መዝጊያ ልክ እንደነበረች ትሰሟታላችሁ፤ ግን ደመና ጋርዷታል። ምን ሆነች? በመሠረቱ የተለወጠው አንድ ድምፅ ነው፤ ነጭ የነበረው ቁልፍ ወደ ጎረቤቱ ጥቁር ዝቅ ብሏል፤ ሜጀሩ ማይነር ሆኗል። ክራር የምትሰሙ ሰዎች ከትዝታ ሜጀር ወደ ትዝታ ማይነር ሲገባ ያለውን ስሜት ታውቁታላችሁ፤ የዚያ ዓይነት ነው። ከዚያ እነዚያ ደረጃዎች ይመለሳሉ፣ አንዴ በአንዱ እጅ አንዴ በሌላው፤ መዝጊያዋም በሌላ ቤት እንደገና ብቅ ትላለች፤ አሁንም እንደከፋት ነች። ዋናው ዜማ በዚህ ምዕራፍ አንድም ቦታ አይታይም። ሞዛርት ለመንከራተት የመረጠው ከሁሉ ታናሿን፣ ማንም ልብ ያላላትን መዝጊያ ነው። ምዕራፉ አጭር ነው፤ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ረጅም መንከራተት የምትፈልጉ ከሆነ ቤትሆቨን ዘንድ ሂዱ።

ቤት የሚለው ነገር በጆሮ የሚያዘው እንዴት ነው ላላችሁኝ፣ የምሠራበት አንድ ዘዴ አለ። ሙዚቃው ሲጀምር የመጀመሪያውን ረጅም ድምፅ በአፍንጫችሁ ያዙት፤ «እም» እያላችሁ። ሁለተኛው ዜማ ላይ ስትደርሱ ማጫወቻውን አቁሙና ያንኑ «እም» መልሱት። የማይስማማ ነገር ይሰማችኋል፤ የሌላ ሰው ቤት ውስጥ ጫማችሁን ያወለቃችሁ ያህል። ከዚያ አጫውቱት፤ ጆሯችሁ አዲሱን ቤት ሲቀበል ይታወቃችኋል። መጀመሪያ ቀን ላይያዝ ይችላል። እኔም ድምፁ እየጠፋብኝ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምሬአለሁ። ፒያኖ ቤት ካለ ደግሞ ልጁን «ሲን ምታልኝ» ማለት ነው፤ ለልጅም ደስ ይላል፣ አባት ሲጠይቅ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ምዕራፍ እንምጣ፤ ይህን ሶናታ የመረጥኩትም ለዚህ ነው። ደመናው ይገፈፋል፣ ሦስቱ ወጪ ድምፆች ይመጣሉ፤ ዜማው ተመለሰ! «እም»ን አሁን ሞክሩት። አልገጠመም። ዜማው ያው ነው፣ ቤቱ ግን ሲ አይደለም፤ ኤፍ ነው። ሞዛርት ዜማውን በሌላ ሰው ደጃፍ ነው ያወረደው። ብዙ ጊዜ እንዲህ አይደረግም። በሌላው ዝነኛ ሥራው፣ በ1787 በጻፈው Eine kleine Nachtmusik መጀመሪያ ክፍል፣ ዋናው ዜማ ሲመለስ በገዛ ቤቱ ነው የሚመለሰው፤ አብዛኛው የዘመኑ ሙዚቃም እንደዚያ ነው። እዚህ ግን ወዳጃችሁ ከሩቅ ሲመጣ አይታችሁት ሮጣችሁ ስትደርሱ ሌላ ሰው ሆኖ እንደምታገኙት ነው።

አንዳንዶች ይህን የሰነፍ ዘዴ ይሉታል። ከኤፍ ወደ ሲ ያለው ርቀት ከሲ ወደ ጂ ካለው ጋር እኩል ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እንዳለ ገልብጦ ከኤፍ ቢጀምረው ሁለተኛው ዜማ ያለ ምንም ድካም ሲ ላይ ያርፍለታል ይላሉ። ስሌቱ ትክክል ነው። ሞዛርት ግን ገልብጦ ብቻ አልተወውም። ድልድዩ ላይ ጆሯችሁን አቅኑ፤ ቀኝ እጅ ደረጃዎቹን ሲጨርስ ግራ እጅ ይቀበለውና ራሱ ይሮጥባቸዋል። ይህ በመጀመሪያው ምዕራፍ አልነበረም። ድልድዩ በአራት ባር ረዝሟል፤ እነዚያ አራት ባሮች ሙዚቃውን ከኤፍ አንስተው ወደ ቤቱ ሰፈር ይመልሱታል።

ከዚያ ያቺ ያስያዝኳችሁ ቆምታ ትመጣለች፤ በር ማንኳኳቷ፣ አንድ እጅ ብቻውን መርገብገቡ። በሩ ራሱ ያው በር ነው፤ ሙዚቃው በሁለቱም ጊዜ የሚቆመው በዚያው በጂ ኮርድ ላይ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ በሩ ሲከፈት እዚያው ጂ ቤት ውስጥ ቀረን። አሁን ሲከፈት ግን ሁለተኛው ዜማ ከቀድሞው ዝቅ ብሎ ይጀምራል፤ «እም» ብትሉ፣ ገጠመ። ሲ ነው። እዚህ ላይ ነው በእውነት ቤት የገባነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ሩጫውም፣ እልልታውም፣ መዝጊያዋም፣ ቀድሞ በእንግድነት የተሰማው ሁሉ በቤቱ ይደገማል። መዝጊያዋም ደመናዋን ጥላለች።

አንድ ሰው ሁለት «መመለሶችን» እንዴት ይለያል? በድገም ምልክቱ የመጣውና በሦስተኛው ምዕራፍ የመጣው ዜማ መጀመሪያ ላይ ይመሳሰላሉ፤ አባትየውም ያደናገረው ይሄ ነው። ከፊቱ የነበረውን አስታውሱ። ከብሩህ መዝጊያ ቀጥሎ ከመጣ ድግግም ነው። ከደመናው ቀጥሎ ከመጣ እውነተኛው መመለስ ነው። ሐሳባችሁ ሌላ ቦታ ሄዶ ደመናው ካለፋችሁም ግራ እጁን ጠብቁ፤ ደረጃዎቹን ግራ እጅ ከተቀበለ ሦስተኛው ምዕራፍ ውስጥ ናችሁ።

ሁሉም ሶናታ በዚህ መልክ ይሄዳል ማለቴ አይደለም። ሃይድን ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ዜማ ሳይፈልግ ያንኑ የመጀመሪያውን በአዲሱ ቤት ያቀርበዋል፤ እዚያ «የሚወጣውና የሚወርደው» እያላችሁ ብትፈልጉ ምንም አታገኙም፤ ቤቱን ብቻ መከተል ነው። የቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ የመጀመሪያ ክፍል ደግሞ ሦስተኛው ምዕራፍ ካለቀ በኋላ አላልቅም ብሎ ሌላ ረጅም ጭራ ያወጣል። በዚያው ሲምፎኒ መመለሱን ለማወቅ ግን ቀላል ምልክት አለ፤ ከመመለሱ ጥቂት ቆይቶ ኦርኬስትራው ሁሉ ዝም ይልና አንድ ኦቦ ብቻውን፣ በቀስታ፣ እንደሚያንጎራጉር ሰው ይጫወታል። በመጀመሪያው ምዕራፍ እዚያ ቦታ ላይ ይህ የለም። ኦቦውን ከሰማችሁ ሦስተኛው ምዕራፍ ውስጥ ናችሁ።

ቤት ውስጥ ልጅ ሲለማመድ መስማት ከቅጂ መስማት ይለያል፤ ይህን ደግሞ ልብ በሉልኝ። ልጅ ሲለማመድ አንድ ቦታ ላይ አሥር ጊዜ ይመላለሳል፤ ያ ቅርጽ አይደለም፣ ልምምድ ነው። ቅርጹን መስማት የምትችሉት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲጫወቱት ብቻ ነው። ስለዚህ «ዛሬ ሳታቋርጪ አንዴ ተጫወችልኝ፣ ብትሳሳቺም ዝም ብለሽ እለፊው» ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ልጆች ብዙ የሚሳሳቱበት ደግሞ ያ የረዘመ ድልድይ ነው። ጣታቸው የመጀመሪያውን ምዕራፍ መንገድ ስለለመደ ሦስተኛው ላይ ደርሰው ሳያውቁት ወደዚያኛው መንገድ ይገባሉ፤ ግራ እጅ ሊሮጥ ሲገባው ቀኝ እጅ ይቀጥላል። እንዲህ ሲሆን የሚሰማው ነገር አለ፦ ሁለተኛው ዜማ ቤት አይገባም፤ «እም» አይገጥምም። ያኔ በእውነት ጠፍቶባቸዋል። ያም ሆኖ ሲጨርሱ ነው የሚነገራቸው።

ለአባትየው በስልክ ይህን ሁሉ ነግሬው «እም»ን አብረን ስንለማመድ ባለቤቱ ከኋላ «ምን ሆናችሁ ነው?» ስትል ትሰማኝ ነበር። በዚህ ቅዳሜ ልጁን ሲያመጣ ቀደም ብለው ደረሱ። አዳራሹ ባዶ ነበር። «እስቲ ተጫወችው፣ እኔ ደግሞ እነግርሻለሁ» አላት። ልጅቷ በጥርጣሬ አየችውና ጀመረች። ድግግሙን ሲሰማ ዝም አለ። ደመናው ሲመጣ አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ ሦስቱ ድምፆች ሲወጡ እጁን አንስቶ፣ «ተመለሰ! ቤት ገባ!» አለ፤ ድምፁ በአዳራሹ አስተጋባ።

ልጅቷ መጫወቷን ሳታቆም ሳቀች። «አባዬ፣ ገና ነው» አለችው። «ኤፍ ላይ ነን። ቆይ፣ እኔ እነግርሃለሁ።»